ያ በበረዶ ላይ የዘፈነው ሰውዬ

ኦፔራ እወዳለሁ ብሎ በዘመድ ፊት ማውራት መዘዝ አለው። ሐኪም ሠርግ ቤት ሲገኝ ሱሪውን ሰብስቦ «እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት» የሚል እንደማይጠፋ ሁሉ፣ እኔንም ለቅሶ ይሁን ክርስትና ቤት ጥግ ይዞ የሚያንጎራጉርልኝ አላጣም። «ይቺን ዘፈን ታውቃታለህ?» ይልና ዓይኑን ጨፍኖ «ላ ላ ላ» ይጀምራል። ትንሽ እንደሄደ ዜማው ወደ ትዝታ ይታጠፍና እዚያው ይቀራል። ቨርዲም ጻፈው ቻይኮቭስኪ፣ በእኛ ሰው ጉሮሮ ካለፈ ሁሉም ወይ ትዝታ ነው ወይ አምባሰል።

«ስለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች የምትዘፍነው።» የማታለቅስ ሴትዮ ብትሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኝለት ነበር። የሚያለቅሱትን ማን ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል?

ስለዚህ ዜማውን እንዲተውልኝ እለምነዋለሁ። የምፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የዘፈነው ምን ዓይነት ድምፅ ነው? በምን ቋንቋ ነው? ሲዘፍን መድረኩ ላይ ምን እየሆነ ነበር? ሰው ሦስተኛውን አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ያየው ነዋ። ሁለተኛውን እንደ ነገሩ ይመልሳል። የመጀመሪያው ላይ ያፍራል። እኔ ግን ባየሁት መጠን የመተማመኛው ቅደም ተከተል ልክ ተገልብጦ ነው የሚገኘው፤ ሰው ያፈረበት ላይ እውነቱ ይቀመጣል፣ በእርግጠኝነት የማለበት ላይ ደግሞ ጉዱ ይፈላል።

ለዚህ ከአጎቴ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሌኒንግራድ የሄዱ መሐንዲስ ናቸው። ከዚያ አገር ይዘው የተመለሱት ዲፕሎማ፣ አንድ ሳሞቫርና የአንድ ዘፈን ቁራጭ ነው። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሳሞቫሩ ቡፌ ላይ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ ጢም ሲላጩ ይመጣል። ሚስታቸው እትዬ ዘፈኑን አይወዱትም። ለምን እንደማይወዱት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በፋሲካ ሰሞን ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ኦፔራ ታውቃለህ ይሉሃል። ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።»

«ሌኒንግራድ ነው። ኪሮቭ ቲያትር። አንድ ሰውዬ ብቻውን ቆሟል። በረዶ ነው። ሊሞት ነው፣ ያውቀዋል። ይዘፍናል። ከዚያ ተኮሱና ገደሉት።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ማነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት የአጎቴ ልጅ ቀደመኝ። «አይዳ ነዋ!» አለ። የእኛ ሰው ኦፔራ ሲባል አይዳን ይጠራል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነች ስለተባለች እንደ ዘመድ እናያታለን። ቨርዲ የጻፈውን ያን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ሲያሳዩት ግን በረዶም ሽጉጥም አልነበረውም። ታሪኩ የፈርዖኖች ዘመን ነው። ወንዱም በጥይት አይሞትም፤ ከነነፍሱ መቃብር ውስጥ ይዘጋበትና አይዳም ተደብቃ ገብታ ኖሮ እዚያው አብራው ትቀራለች። አይዳን በአክብሮት ሸኘናት።

ድምፁን ልጠይቅ አልኩ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያፍረው። «ቴነር ነበር ባሪቶን?» ብለው ቢጠይቁት «እኔ ምን አውቄ» ይላል። ሊቀር የሚገባው ጥያቄው ነው። እኔ ሰውየውን ስለ ድምፁ አልጠይቀውም፤ «ሰውዬው ምናቸው ነበር?» እላለሁ። አፍቃሪ ነው? አባት ነው? ንጉሥ ነው? ቄስ ነው? ምክንያቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦፔራ ጸሐፊዎች ድምፅን የሚያድሉት በዘፈቀደ አይደለም። ከፍ ብሎ የሚወጣው የወንድ ድምፅ፣ ቴነር፣ ለወጣቱ አፍቃሪ ይሰጣል። መሃለኛው፣ ባሪቶን፣ ለተቀናቃኙ፣ ለጓደኛው ወይም ለሴቲቱ አባት ነው። ከሁሉ የወፈረው፣ ባስ፣ ለንጉሥ፣ ለካህንና ለሽማግሌ። ከዚህ የሚያፈነግጥ አለ፤ እንዲያውም በሞዛርት «የፊጋሮ ጋብቻ» ውስጥ ኬሩቢኖ የሚባለውን ጎረምሳ የምትዘፍነው ሱሪ የለበሰች ሴት ናት፤ «አንድ ልጅ ሲዘፍን ሰማሁ» የሚል ሰው ስላጋጠመኝ ነው ይህን የማነሣው። ለወንዱ ሞት ግን ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

«ሰውዬው ምን ያህል ሰው ነው፣ ጋሼ?»

«ልጅ ነው። ጢሙ እንኳ በወጉ ያልበቀለ። ገዳዩ ነው ትልቅ ሰው የሚመስለው። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፤ ሲናገርም ድምፁ ከሆዱ ነው።»

«የልጁን ድምፅ እስቲ ይሥሩልኝ። ዜማውን ይተዉት፤ እንዴት እንደቆመ ብቻ።»

አጎቴ በተፈጥሯቸው ድምፀ ወፍራም ናቸው፤ ሰላምታቸው እንኳ በር ያንቀጠቅጣል። አሁን ግን አገጫቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፣ ቅንድባቸው ተነሣ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ትከሻቸውም አብሮ ወጣ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ለሌላ ወሬ ይቆየን። አካሉ ግን አይዋሽም። ባስ የሰማ ሰው ሲያስመስል አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ነው የሚያጉረመርመው፤ ቴነር የሰማ ሰው ጣሪያ ያያል። አጎቴ ጣሪያውን አዩት። ቴነር ነው፤ ገዳዩም ባሪቶን መሆን አለበት።

አንድ ተጨማሪ ነገርም ልብ አልኩ። ዜማቸው ምንም ቢበላሽ ከላይ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ይህንን ያዝኩና ወደ ቋንቋው አለፍኩ።

«ቋንቋው ምን ጥያቄ አለው?» አሉ አጎቴ ቆጣ ብለው። «ሩስኪ ነው! ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ እኮ።»

ሩሲያኛ መሆኑን ተቀበልኩ። የሩሲያ ኦፔራ መሆኑን ግን አልተቀበልኩም። በሶቪየት ኅብረት ቲያትር ቤቶች የጣሊያኑም የፈረንሳዩም ኦፔራ ተተርጉሞ በሩሲያኛ ነበር የሚዘፈነው። ካርመንም ላ ትራቪያታም እዚያ መድረክ ላይ ሩሲያዊት ነበሩ። ይህ የሩሲያ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጀርመኖችም ለረጅም ጊዜ ሁሉን በጀርመንኛ ይዘፍኑ ነበር። ከመድረኩ በላይ ትርጉም የሚጻፍበት ሰሌዳ በቶሮንቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ እሱ ከተስፋፋ በኋላ ነው ብዙው ቲያትር ቤት በተጻፈበት ቋንቋ ወደ መዝፈን ያዘነበለው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሰማ ዘፈን ሲሆን፣ ቋንቋው የሚነግረን አድማጩ የት ከተማ እንደተቀመጠ እንጂ ሙዚቃውን ማን እንደጻፈው አይደለም።

ቋንቋውን ጭራሽ ያልለዩት ደግሞ አሉ፤ ለእነሱ ኦፔራ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። አልፈርድባቸውም። ሶፕራኖ ወደ ላይኛው ጣሪያ ስትወጣ ድምፅዋ አናባቢዎቹን የምንለይባቸውን ድግግሞሾች አልፏቸው ይሄዳል፤ «ኢ»ም ብትል «ኡ»ም ብትል እኛ ጆሮ የሚደርሰው «ኣ» የሚመስል ነገር ነው። አገሬው ራሱ እዚያ ላይ ምን እንዳለች አይሰማትም። ለዚህ ነው «ቋንቋው ምን ይመስል ነበር?» ስል «ጮክ ያለችበትን ተወው፤ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላ የጀመረችበትን አስብ» የምለው። ታችኛው ላይ ቃላት ሁሉ በአናባቢ የሚያልቁ ከመሰለው ወደ ጣሊያን፣ በአፍንጫ የሚወጣ ነገር ከሰማ ወደ ፈረንሳይ፣ የቃሉ መጨረሻ ላይ ተነባቢ ተከምሮ ካንኳኳው ወደ ጀርመን እሄዳለሁ።

አሁን ቀረን ያዩት። እዚህ ላይ ሰዉ በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እያለ።

አንድ ወዳጄ «ያ የእስር ቤት ኦፔራ» እያለ ሲፈልግ ኖሯል። ኦፔራው ውስጥ እስረኞች ግቢ ውስጥ ቆመው ሽቅብ ያያሉ፤ ሁለት ሴቶች ስለ ነፃነት ይዘፍናሉ። ያየው «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» የተባለውን ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ላይ እስረኛው ቢሮ ውስጥ በሩን ቆልፎ በድምፅ ማጉያ የሚለቀው ከዚያው ከ«ፊጋሮ ጋብቻ» የተወሰደ የሁለት ሶፕራኖዎች ቅብብል ነው። በኦፔራው ውስጥ እስር ቤትም የለ፣ ነፃነትም የለ። አንዲት የመስፍን ሚስት አገልጋይዋን ደብዳቤ ታጽፋለች፤ ወስላታው ባሏ ማታ የአትክልት ቦታ ድረስ እንዲመጣና እዚያው እጅ ከፍንጅ እንዲያዝ። አንደኛዋ ትናገራለች፣ ሁለተኛዋ እየጻፈች የመጨረሻውን ቃል ትደግማለች። ወዳጄ ይህን ስነግረው ቅር አለው። ነፃነት የመሰለው ነገር የባል ወጥመድ ሆኖ ሲገኝ ማን ደስ ይለዋል?

ቲያትር ቤት ገብቶ ያየም ከዚህ ነፃ አይደለም። በረዶው የመድረክ አስጌጪው ነው። ካፖርቱ የልብስ ሰፊው ነው። ሌላ አዘጋጅ ሲመጣ በረዶውን አንሥቶ ጋራዥ ያደርገዋል። አዘጋጅ ብዙ ጊዜ የማይነካው ግን ቅደም ተከተሉን ነው፤ ሙዚቃው ውስጥ ተጽፏላ። ስለዚህ «ምን አየህ?» ከማለት «ከዘፈኑ በፊት ማን ወጣ? ሲጨርስ ማን ገባ? ከዚያስ?» ማለት ይሻላል።

የአጎቴን ነገር ካሰባሰብነው፦ ወጣት ቴነር፣ ብቻውን፣ ሊሞት ሲል፣ ከዚያ ጥይት። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟሉ ሁለት ዕውቅ ዘፈኖች አሉ።

አንደኛው የፑቺኒ «ቶስካ» ውስጥ ነው፤ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1900 የታየ። ሠዓሊው ካቫራዶሲ በቅዱስ መልአክ ግንብ ጣሪያ ላይ፣ ሊረሸን ትንሽ ሲቀረው፣ ለፍቅረኛው ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ ብዕሩን ይጥልና ይዘፍናል። ሁለተኛው የቻይኮቭስኪ «የቭጌኒ ኦኔጊን» ውስጥ ነው፤ በ1879 ሞስኮ ላይ የኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች የዘፈኑት። ገጣሚው ሌንስኪ በክረምት ማለዳ ወፍጮ ቤት አጠገብ፣ ከጓደኛው ጋር ሽጉጥ ሊማዘዝ ቆሞ ይዘፍናል። ሁለቱም ቴነር። ሁለቱም በማለዳ። ሁለቱም በጥይት። በሌኒንግራድ ደግሞ ሁለቱም በሩሲያኛ! አጎቴ «ሩስኪ ነው» ብለው ጠረጴዛ መምታታቸው አንድም እርምጃ አላራመደንም።

ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ ቀላል ነው። በ«ቶስካ» ዜማውን መጀመሪያ ይዞ የሚወጣው ክላሪኔት ነው፤ ዘፋኙ ከሥሩ በአንድ ኖታ ላይ የሚያወራ ያህል ያጉተመትማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዜማውን ራሱ የሚረከበው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ በእንባ ያልቃል። ሌንስኪ እጥፍ ያህል ይቆያል፤ ዋናው ዜማው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። አጎቴ ሲያንጎራጉሩ የወረደው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ግን በትዝታ ቅኝት የተጣመመ ዜማ ላይ ተመሥርቶ ፍርድ አይሰጥም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

«ጋሼ፣ ሲተኩሱ ስንት ነበሩ? ወታደሮች ተሰልፈው ነው?»

«ምን ወታደር አለ? ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ይዘዋል። ያ ባለ ካፖርቱ ቀደመው።»

«ሴትስ? ሴት እየጮኸች ሮጣ ከግንብ አልተወረወረችም?»

«ሴት የሚባል አልነበረም።»

«እሱን እንኳ ተወው» አሉ እትዬ ከጀበናው ጀርባ። «አንተ ባለህበት ሴት ያልነበረበት ቀን የለም።»

አጎቴ እንዳልሰሙ ሆነው ቀጠሉ። «እንዲያውም ከመግደሉ በፊት ሁለቱ አብረው ዘፈኑ። ጎን ለጎን ቆመው፤ አይተያዩም። አንዱ ያለውን ሌላው ይደግማል። ታረቁ ስል ሽጉጥ አነሡ።»

ይህን ሲሉ ጉዳዩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሌንስኪ ከዘፈነ በኋላ ኦኔጊን ይመጣል፤ ሁለቱ ጠላቶች አንድ ዓይነት ዜማ በአንድ ዓይነት ቃል እየተከታተሉ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ትንሽ ዘግየት ብሎ። የሚሉት ነገር ምን መሰላችሁ? እጃችን በደም ሳይነከር ሳቅ ብለን ብንታረቅስ? ሁለቱም ይህንኑ ያስባሉ፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ነው የሚሉት። ቻይኮቭስኪ የሁለት ሰዎችን አንድ ሐሳብ በአንድ ዜማ አድርጎ፣ ግን በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ ማድረጉ ለእኔ ከሌንስኪ ብቸኛ ዘፈንም ይበልጥብኛል። ሰዉ ግን የሚያንጎራጉረው ያንኛውን ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። «ከሞተ በኋላስ ምን ሆነ?»

አጎቴ ፊታቸው ጠቆረ። ይህን ለመናገር ብዙ ዘመን የጠበቁ ይመስሉ ነበር። «ዕረፍት ሆነ። እኔ የቲያትር መነጽር ተከራይቻለሁ። መነጽር የተከራየ ሰው መጨረሻ ላይ ካፖርቱን ሳይሰለፍ ነው የሚወስደው፤ የምንከራየው ለማየት አልነበረም። አሮጊቷን ካፖርቴን ልጠይቃት እያመነታሁ ነበር። ልጁ ሞቷል፤ ምን ቀረ? ጓደኛዬ ገና አላለቀም ብሎ መለሰኝ። ተመልሰን ገባን። መጋረጃው ሲከፈት ምን አየሁ? ዳንስ! አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ መብራት፣ ነጭ ጓንት፣ እየተሽከረከሩ ይደንሳሉ! ሰው ተገድሎ! እኔ ይሄ ሕዝብ ልብ የለውም ወይ አልኩ።»

እሷ ዳንስ ፖሎኔዝ ትባላለች፤ የሦስተኛው ድርጊት መክፈቻ ናት። በታሪኩ በመካከል ዓመታት አልፈዋል፣ ነገሩም ከገጠር ወጥቶ ፒተርስቡርግ ገብቷል፤ አጎቴ የተቀመጡበት ያው ከተማ ማለት ነው። መጋረጃው ግን ዓመታቱን አያሳይም። አርባ እንኳ ሳይወጣ የተደነሰ የመሰለው ሐዘንተኛ አጎቴ ብቻ አይመስለኝም። ለምርመራችን ግን ከዚህ የሚበልጥ ምልክት የለም፤ ካቫራዶሲ ከተረሸነ በኋላ ቶስካ ከግንቡ ስትወረወር ኦፔራው ያበቃል፣ ማንም አይደንስም፣ ሁሉም ካፖርቱን ይዞ ይሄዳል።

«ሌንስኪ ነው» አልኩ። «የዘፈኑ ስም ‹ኩዳ፣ ኩዳ› ይባላል።»

ጀበናው ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ። «ምን ይባላል?» አሉ እትዬ።

አሪያ የራሱ ስም የለውም፤ የሚጠራው በመጀመሪያዎቹ ቃላቱ ነው። ጥያቄ ነው፤ ወዴት፣ ወዴት ሄዳችሁ እያለ የወጣትነቱን ቀናት ይጠይቃቸዋል። ለካ አጎቴ ጢማቸውን ሲላጩ የሚያንጎራጉሩት ከነቃሉ ኖሯል። ስሙን አፋቸው ውስጥ ይዘው ስሙን ይፈልጋሉ! እትዬ ደግሞ ከተጋቡ ጊዜ ጀምሮ ኩዳ የምትባል ሩሲያዊት አለች ብለው ያስቡ ነበር።

«ሴት አይደለችም?» አሉኝ እትዬ።

«አይደለችም፣ እትዬ።»

«በእመቤቴ በል።»

በእመቤቴ አልኩ። ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም፤ አጎቴንም ያዩአቸው አልሸሹም ዞር አሉ በሚል ዓይን ነው።

የአጎቴ ልጅ በዚህ መሃል ስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘና ከፈተው። ጥቁር የለበሰ ሰው ከፒያኖ ጎን ቆሟል። «ኦርኬስትራ የለውም። ኦፔራ ሳይሆን ዝም ብሎ ዘፈን ነው» አለ። ፒያኖ ብዙ ሰው ያሳስታል። እርግጥ ቻይኮቭስኪ ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ ብቻ የጻፋቸው ሮማንስ የሚባሉ መቶ ያህል ዘፈኖች አሉት፤ እነሱ ከማንም ታሪክ አልተቆረጡም፣ በራሳቸው የቆሙ ናቸው። ነገር ግን ቴነር ሁሉ ለኮንሰርት ሲጋበዝ ሰባ ሰው ኦርኬስትራ ይዞ አይዞርም፤ አሪያውንም በፒያኖ ይዘፍነዋል። ስለዚህ የማየው ፒያኖውን ሳይሆን ዝርዝሩን ነው። ከርዕሱ አጠገብ የሥራ ቁጥርና የገጣሚ ስም ካለ ሮማንስ ነው፤ የሰው ስምና የኦፔራ ስም ካለ አሪያ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው «የሌንስኪ አሪያ» ነበር።

ፒያኖውን አስቀርተን የሰርጌይ ሌሜሼቭን የድሮ ቅጂ ከፈትን። ሌሜሼቭ በቦልሾይ ሌንስኪን ከ500 ጊዜ በላይ ዘፍኗል ይባላል፤ በሰባ ዓመቱ እንኳ ያንኑ ጢም ያልበቀለ ልጅ ሆኖ መድረክ ወጥቷል። የእሱ አድናቂ ሴቶችና የተፎካካሪው የኢቫን ኮዝሎቭስኪ አድናቂዎች በዘመኑ ጎራ ለይተው ይናቆሩ ነበር። አጎቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዓይናቸው አልራሰም፤ እንደ መሐንዲስ ነው የሰሙት። «ዘፈኑ እሱ ነው» አሉ። «ሰውዬው ግን እሱ አይደለም። የእኔው ትንሽ ወፈር ያለ ነበር።»

ከዚያ ታሪኩን አምጣ አሉኝ፤ በሁለተኛ ዓመት ሩሲያኛ የገባቸው ግማሹ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የነገርኳቸው ደራሲው ፑሽኪን መሆኑን ነው። ቅድመ አያቱን አብራም ጋኒባልን ስናነሣ ቤቱ ሞቀ፤ አንዳንድ ምሁራን የተወለደበትን ወደ ካሜሩን ግድም እንደሚወስዱት ብጠቁምም ማንም ሊሰማኝ አልፈለገም። ፑሽኪን ራሱ በ1837 በዚያው ዓይነት የሽጉጥ ግጥሚያ እንደ ሞተ ስነግራቸው ግን ዝም አሉ።

«ለመሆኑ ምን አጣላቸው?»

«በአንድ ድግስ ላይ ኦኔጊን የሌንስኪን እጮኛ ደጋግሞ ለዳንስ አነሣት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«በዳንስ?» አሉ አጎቴ። «እና ልጁ ብቻውን የቆመው ለምንድን ነው?»

«ኦኔጊን አርፍዶ ነው፣ ጋሼ። በፑሽኪን መጽሐፍ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነው። የሌንስኪ ምስክር ዛሬትስኪ የሚባል ሰው ነው፤ እሱም መጠበቅ ሰለቸውና ባለወፍጮው ዘንድ ወሬ ሊይዝ ሄደ። ሌንስኪ ብቻውን ሲቀር ዘፈነ።»

«ቆይ» አሉ አጎቴ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ እጃቸው ሽማግሌ ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ጉልበታቸው ላይ አረፈ። «ያ ምስክሩ ሥራው ምንድን ነው?»

«በደንቡ መጀመሪያ ማስታረቅ ነው።»

«አስታረቀ?»

«አልሞከረም። ኦኔጊን ያረፈደ ጊዜም፣ ምስክር ብሎ አሽከሩን ይዞ የመጣ ጊዜም ዝም ነው ያለው። ሁለቱም ግጥሚያውን ለማስቀረት በቂ ምክንያት ነበሩ። እሱ ርቀቱን ለካ። በመጽሐፉ 32 እርምጃ።»

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አዩ።

«ስሙን ድገምልኝ።»

«ዛሬትስኪ።»

«ልጁንስ ያ ባለ ካፖርት አይደለም የገደለው» አሉና ስኒያቸውን ለሦስተኛው ዘረጉ። «አንቺ፣ ሽማግሌ ተብሎ ተልኮ እርምጃ ይለካል! እንደዚህ ያለውን አሁንም ቀበሌያችን ውስጥ ቆጥሬ አሳይሻለሁ።»